ሳይታዘዝ የተሠራ ሥራ፦ ስኮፕ ክሪፕ፣ ጎልድ ፕሌቲንግና የለውጥ ቁጥጥር በሕንጻ ግንባታ ውል

ለሳይት መሐንዲሶች፣ ለአማካሪዎችና ለባለቤት ተወካዮች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

የዛሬው ርዕሳችን ውሉ ውስጥ የሌለ፣ ሥልጣን ያለው ሰው በጽሑፍ ያላዘዘው፣ ነገር ግን ሕንጻው ላይ ተሠርቶ የሚገኝ ሥራ ነው። ይህ ሥራ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ ከባለቤቱ በኩል ነው። "እግረ መንገዳችሁን ይቺንም ጨምሩልን" እየተባለ ትንሽ በትንሽ ይከማችና ዋጋውም ጊዜውም ሳይታሰብ የሥራው ወሰን ይሰፋል፤ ስኮፕ ክሪፕ የሚባለው ይህ ነው። ሌላው ከሠሪው በኩል ነው። ማንም ሳይጠይቀው "ይህ ይሻላል" ብሎ ከታዘዘው በላይ ወይም ከታዘዘው የተለየ ነገር ይሠራል፤ ይህ ጎልድ ፕሌቲንግ ነው።

ሁለቱም ያልጸደቀ ለውጥ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ በአንድ ቅጽ የሚታከሙ ይመስላል። አብዛኛው ፕሮጀክት የለውጥ መጠየቂያ ቅጽ ያዘጋጃል፣ ፈራሚዎቹን ይወስናል፣ በዚያም የለውጥ ቁጥጥር ሥርዓት እንዳለው ይቆጥራል። ቅጹ የሚይዘው ግን የሚጠየቅን ለውጥ ብቻ ነው። ጎልድ ፕሌቲንግ ሲጀመር ጠያቂ ስለሌለው ቅጹ ጋ አይደርስም። እሱን የሚያገኙት ፌሮ የሚቆጥረው ተቆጣጣሪና የዕቃ ግዥን ከሥዕል ጋር የሚያስተያየው ኳንቲቲ ሰርቬየር ናቸው። ስለዚህ አንድ የለውጥ ቁጥጥር ሥርዓት ሁለት የተለያዩ መያዣዎች ያስፈልጉታል። የቀረው ንግግሬ እነዚህ ሁለቱ እንዴት እንደሚሠሩ በአንድ ሕንጻ ላይ ማሳየት ነው።

ሕንጻው ጂ+4 የቢሮ ሕንጻ ነው እንበል። የውሉ ዋጋ 120 ሚሊዮን ብር፣ የግንባታው ጊዜ 540 ቀን ነው። የብሩ ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው። ውሉ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ የሚከተል ነው፤ በአገራችን በዓለም አቀፍ ብድርና ዕርዳታ የሚሠሩ ብዙ ግንባታዎች የፊዲክን ውሎች ስለሚጠቀሙ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ለዛሬው ጉዳያችን መሠረት የሚሆኑት ሦስት ድንጋጌዎቹ ናቸው፤ ሌሎቹን በየቦታቸው እጠቅሳለሁ።

በአንቀጽ 3.3 መሠረት ተቋራጩ ትዕዛዝ የሚቀበለው ባለቤቱ ውሉን እንዲያስተዳድር ከሾመው መሐንዲስ ወይም መሐንዲሱ በሚገባ ከወከለው ረዳቱ ብቻ ነው። የባለቤቱ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ ሳይት ጎብኝቶ የሚናገረው ነገር፣ የቱንም ያህል ትልቅ ሰው ቢሆን፣ በውሉ ዓይን ትዕዛዝ አይደለም። አንቀጽ 13.1 ደግሞ መሐንዲሱ ቫሪዬሽን ካላዘዘ ወይም ካላጸደቀ በስተቀር ተቋራጩ በቋሚው ሥራ ላይ ማናቸውንም ለውጥ ወይም ማሻሻያ እንዳያደርግ ይከለክላል። እዚህ ላይ "ማሻሻያ" የሚለውን ልብ በሉ፤ የተሻለ ነገር መሥራትም ከክልከላው አያመልጥም። ሦስተኛው አንቀጽ 13.2 ነው። ተቋራጩ ጥሩ ሐሳብ ካለው በጽሑፍ የሚያቀርብበትን መንገድ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ድንጋጌ ስኮፕ ክሪፕን ይመለከታል፣ ሁለተኛው ጎልድ ፕሌቲንግን፣ ሦስተኛው ለጎልድ ፕሌቲንግ ሕጋዊ አማራጩ ነው።

ከስኮፕ ክሪፕ እንጀምር።

ሥራው 11ኛ ወሩ ላይ ነው። የሦስት ወለል የውስጥ ልስን አልቋል፣ ሁለተኛው ወለል ላይ ኮርኒስ ሊዘጋ ነው። የባለቤቱ ተወካዮች ሊጎበኙ ይመጡና አንዱ ኃላፊ "የእኔ ቢሮ ውስጥ የእጅ መታጠቢያ ቢኖር" ይላል። ፎርማኑ "ችግር የለም ጌታዬ" ይላል። በሳምንቱ ሦስት ቢሮ ይሆናል፤ በወሩ 12። ማንም ሰው ክፉ ነገር አላሰበም። ጠያቂው የሚያየው አንድ ሴራሚክ መታጠቢያና አንድ ቧንቧ ነው፤ ፎርማኑም ባለቤቱን ላለማስቀየም ይፈልጋል። ተቋራጩ በመጨረሻ ሒሳብ አስገባዋለሁ ብሎ ያስባል። ባለቤቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር በነጻ ይሠራልኛል ብሎ ያስባል። ክርክሩ የሚወለደው እዚህ ሁለት ሐሳብ ላይ ነው፤ የሚፈነዳው ግን ከስድስት ወር በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ አይኖርም።

በዚህ ቦታ ላይ የለውጥ ቁጥጥሩ የመጀመሪያ እርምጃ ሥራውን ሳይነኩ ጥያቄውን መመዝገብ ነው። ፎርማኑ መልስ መስጠት ያለበት "እሺ" ወይም "አይሆንም" በማለት አይደለም፤ "ለመሐንዲሱ ይቅረብ፣ እስከዚያ ግድግዳው አይነካም" ነው መልሱ። መዝገቡ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማን እንደጠየቀ፣ መቼና የት እንደሆነ፣ ሥራው በዚያ ቀን ምን ደረጃ ላይ እንደነበረ ይጻፋል። የመጨረሻዋ መረጃ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ዋጋውን የምትወስነው ግን እሷ ናት። ከልስን በፊት ቱቦ መቅበርና ከልስን በኋላ ግድግዳ ቆርጦ ቱቦ መቅበር አንድ ሥራ አይደሉም።

ቀጥሎ መሐንዲሱ በአንቀጽ 13.3 መሠረት ከማዘዙ በፊት ተቋራጩን ሐሳብ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ተቋራጩ የሚያቀርበው የሥራውን መግለጫ፣ በሥራ መርሐ ግብሩ ላይ የሚያመጣውን ለውጥና የዋጋ ግምቱን ነው። መልስ እየጠበቀም ሌላውን ሥራ ማቆም አይችልም። በእኛ ምሳሌ ግምቱ ይህን ይመስላል። መታጠቢያው፣ ቧንቧውና ሳይፈኑ ለአንድ ክፍል 14,000 ብር፣ ለ12 ክፍል 168,000 ብር። የንጹሕና የፍሳሽ ውኃ ቱቦ ከግድግዳ መቁረጫው ጋር 222,000 ብር። ልስን መመለስ፣ ከመታጠቢያው በላይ ሴራሚክ መለጠፍና ቀለም 90,000 ብር። ሶሌታ መብሳት 48,000 ብር። የፍሳሽ መስመሩን ከታችኛው ወለል ኮርኒስ በላይ አንጠልጥሎ እስከ ዋናው ቁልቁል ቱቦ ማድረስ 72,000 ብር። ድምሩ 600,000 ብር ነው። ጠያቂው በዓይኑ ያየው 168,000ው ብቻ ነበር፤ ከጠቅላላው 28 በመቶ። ገንዘቡ ከውሉ ዋጋ ግማሽ በመቶ ስለሆነ ትንሽ ሊመስል ይችላል። የሁለተኛው ወለል ኮርኒስ ግን ከሱ በላይ የሚያልፈው የፍሳሽ መስመር እስኪያልቅ መዘጋት ስለማይችል፣ ኮርኒሱም የማጠናቀቂያ ቀኑን ከሚወስኑት ሥራዎች አንዱ ስለሆነ፣ 8 ቀን ይጨመራል።

ይህ ወረቀት ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በቃል ጥያቄ ጊዜ ያልነበረ ምርጫ ይፈጠራል። ከ12ቱ ክፍሎች 4ቱ ከመጸዳጃ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። እዚያ ቁልቁል ቱቦው ቅርብ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱም ኮርኒስ ገና አልተዘጋም። የእነዚህ ዋጋ ለአንድ ክፍል 30,000 ብር፣ በድምሩ 120,000 ብር ሲሆን የሚጨመር ቀን የለም። ባለቤቱ አራቱን አጽድቆ ስምንቱን ይተዋል። የለውጥ ቁጥጥር ሥራ "አይሆንም" ማለት ነው ብለው የሚፈሩት ሰዎች አሉ። በእኔ እምነት ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ነገር ትክክለኛ ዋጋ አይቶ የሚያዋጣውን ክፍል እንዲመርጥ ያደርገዋል።

ከዚያ መሐንዲሱ ቁጥር ያለው የቫሪዬሽን ትዕዛዝ ይጽፋል፤ ሥዕሉ ተሻሽሎ ይወጣል፤ ሥራው የሚጀመረው ያኔ ነው። ውድቅ የተደረጉት ስምንቱም ከመዝገቡ አይሰረዙም፤ "አልጸደቀም" ተብለው ከነምክንያታቸው ይቀመጣሉ። ካልተቀመጡ ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ኃላፊ አፍ ተመልሰው ይመጣሉ።

ዋጋ አተማመኑ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ስለሚታይ ትንሽ ልቆይበት። በቢል ኦፍ ኳንቲቲው ላይ ለመጸዳጃ ቤቶች 30 መታጠቢያ አለ እንበል። አራት ሲጨመሩ 34 ሆኑ፤ ብዛቱ በ13.3 በመቶ ጨመረ። ተቋራጩ "ከ10 በመቶ ስላለፈ አዲስ ዋጋ ይገባኛል" ይላል። አንቀጽ 12.3 ግን 10 በመቶውን ብቻውን አይቆጥረውም። የብዛቱ ለውጥ ከ10 በመቶ ማለፉ፣ ለውጡ በነጠላ ዋጋው ሲባዛ ከተቀበሉት የውል ዋጋ 0.01 በመቶ ማለፉ፣ ለውጡ የአንዱን ክፍል ወጪ በቀጥታ ከ1 በመቶ በላይ መቀየሩ፣ እንዲሁም ዋጋው "የማይለወጥ" ተብሎ በውሉ ያልተመዘገበ መሆኑ አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። በእኛ ምሳሌ 4 ሲባዛ በ14,000 ብር 56,000 ብር ነው፤ የውሉ 0.01 በመቶ 12,000 ብር ስለሆነ ይህ ተሟልቷል። 30 መታጠቢያ ብትገዙም 34 ብትገዙም የአንዱ ወጪ ግን አይለወጥም። ስለዚህ በነባሩ ዋጋ ይከፈላል። የተለሰነ ግድግዳ መቁረጡ ግን በቢሉ ላይ ካለው የቱቦ መቅበር ሥራ ጋር በተመሳሳይ ሁኔታ የሚሠራ ስላልሆነ አዲስ ዋጋ ይገባዋል። ከላይ "ሥራው በዚያ ቀን ምን ደረጃ ላይ ነበር" የምትለው የመዝገቡ መስመር እዚህ ላይ ገንዘብ ትሆናለች።

ፎርማኑ ቀድሞ "እሺ" ብሎ ከሆነስ? መሐንዲሱ ራሱ በቃል አዝዞ ከሆነ የ1999ኙ ውል መፍትሔ አለው። ተቋራጩ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ የቃል ትዕዛዙን በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ መሐንዲሱ ማረጋገጫው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ ማረጋገጫው እንደ ጽሑፍ ትዕዛዝ ይቆጠራል። የቃል ትዕዛዙ ከመሐንዲሱ ሳይሆን ከባለቤቱ ሠራተኛ የመጣ ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም። እ.ኤ.አ. የ2017ቱን እትም የምትጠቀሙ ደግሞ ልዩነቱን እወቁት፤ መሐንዲሱ የሰጠው ትዕዛዝ ቫሪዬሽን መሆኑን ካልገለጸና ተቋራጩ ቫሪዬሽን ነው ብሎ ካመነ፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ማስታወቂያ ይሰጣል፤ መሐንዲሱ በ7 ቀን ውስጥ ካልመለሰ ትዕዛዙ እንደተሻረ ይቆጠራል። በአንዱ እትም ዝምታ ትዕዛዙን ያጸናል፣ በሌላው ዝምታ ትዕዛዙን ይሽራል። የቆየ ልማድ ይዛችሁ በአዲሱ ውል ብትሠሩ ያልታዘዘ ሥራ ሠርታችሁ ትገኛላችሁ።

ስኮፕ ክሪፕ ሁልጊዜ በጉብኝት ጊዜ በቃል ብቻ የሚገባ እንዳይመስላችሁ። እንደ እኔ አመለካከት ትልቁ ቀዳዳ የተሻሻለ ሥዕል ነው። ተቋራጩ ስለ አንድ በር ስፋት ማብራሪያ ይጠይቃል፤ መልሱ የተሻሻለ ሥዕል ሆኖ ይመጣል። በሩ ተስተካክሏል፤ ነገር ግን በዚያው ሥዕል ላይ አንድ አዲስ ክፍልፋይ ግድግዳና ስድስት ሶኬት ተጨምሯል። ስለነዚህ ማንም አልተናገረም፤ ሳይቱም አዲሱን ሥዕል ይዞ ይሠራል። ስለዚህ የተሻሻለ ሥዕል ሳይት ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ኳንቲቲ ሰርቬየሩ፣ ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ እያንዳንዱን ልዩነት ምልክት ማድረግና ብዛት የሚቀይረውን ሁሉ ወደ ለውጥ መዝገቡ ማስገባት አለበት። ተቋራጩ የጊዜ ወይም የገንዘብ መብት አለኝ ካለ ደግሞ በ1999ኙ ውል አንቀጽ 20.1 ጉዳዩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት፤ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። ሥዕሉን ሳያወዳድር 28 ቀን ያለፈበት ተቋራጭ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጎልድ ፕሌቲንግ እንሂድ። ሕንጻው ያው ነው፤ ጊዜውን ወደ ኋላ መልሰን የአራተኛ ወለል ቢሞች ወደሚሠሩበት ወር እንሂድ።

ሥዕሉ እንደሚለው ቢሙ 250 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ኮለን ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከላይ 5 ባለ 16 ፌሮ፣ ከታች 3 ባለ 16 ፌሮ አለው፤ ስታፋው ባለ 8 ነው። በዚያ ሳምንት ባለ 16 ፌሮ ገበያ ላይ ጠፋ። መጋዘኑ ውስጥ ባለ 20 አለ። የተቋራጩ ሳይት መሐንዲስ "ይበልጥ ጠንካራ ይሆናል እንጂ ምን ይጎዳል፤ ተጨማሪ ክፍያም አንጠይቅም" ብሎ የላዩንም የታቹንም በዚያው ቁጥር በባለ 20 ያስራል።

ይህ የጎልድ ፕሌቲንግ ዋና መልክ ነው፦ በቅን ልቦና የተደረገ፣ ባለቤቱን ገንዘብ የማያስወጣ፣ ለዓይን የተሻለ የሚመስል። ለዚህም ነው ተቆጣጣሪዎች አይተው የሚያልፉት። ጉዳቱ ግን በስሌት ይታያል።

የባለ 16 ፌሮ ስፋት 201 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የባለ 20 ደግሞ 314 ነው። የላይኛው ብረት ከ1,005 ወደ 1,571 ከፍ አለ፤ የታችኛውም በዚያው መጠን፣ ማለትም በ56 በመቶ። የቢሙ የመታጠፍ አቅም በግምት በዚሁ መጠን ያድጋል። ኮለኑ ግን እንደነበረ ነው። የአውሮፓን ደንብ ተከትሎ የተዘጋጀው የመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ ደንባችን፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፣ በፍሬም ሕንጻ መጋጠሚያ ላይ የኮለኖቹ አቅም ድምር ከቢሞቹ አቅም ድምር ቢያንስ 1.3 እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ቀድሞ መሸነፍ ያለበት ቢሙ ነው፤ ቢም ሲጎዳ ወለሉ ሊቆም ይችላል፣ ኮለን ሲሰበር ግን ወለሉ ይወድቃል። ንድፍ ሠሪው ይህን ምጣኔ 1.4 አድርጎት ነበር እንበል። ቢሙ በ56 በመቶ ሲጠነክር 1.4 ለ1.56 ተካፍሎ 0.9 ያህል ይሆናል። አሁን ቀድሞ የሚሸነፈው ኮለኑ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማበት አገር፣ "ለጥንካሬ" ተብሎ የተጨመረ ብረት ሕንጻውን ይበልጥ አደገኛ አድርጎታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት አርማታው ላይ ነው። ከ250 ሚሊ ሜትር ስፋት በሁለቱም ጎን 25 ሚሊ ሜትር ሽፋንና ባለ 8 ስታፋ ሲቀነስ 184 ይቀራል። አምስት ባለ 16 ሲደረደር በፌሮዎቹ መካከል 26 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖራል። አምስት ባለ 20 ሲሆን 21 ብቻ። የጠጠሩ ትልቁ መጠን 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደንቡ የሚፈልገው ዝቅተኛ ክፍተት 25 ነው። ንድፉ በአንድ ሚሊ ሜትር ያልፍ ነበር፤ የ"ተሻሻለው" ይወድቃል። ጠጠሩ ከላይ ይያዛል፣ ቫይብሬተር አይገባም፣ በጣም የሚያስፈልገው የኮለን መጋጠሚያ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል።

ገንዘቡም የትም አልሄደም ማለት አይቻልም። ባለ 16 በሜትር 1.58 ኪሎ፣ ባለ 20 ደግሞ 2.47 ኪሎ ይመዝናል። በ2,000 ሜትር ፌሮ 1,780 ኪሎ ትርፍ ብረት ገብቷል። ፌሮ የሚለካው ከሥዕሉና ከባር ስኬጁሉ ስለሆነ ይህ ለተቋራጩ አይከፈለውም፤ በኪሎ 160 ብር ቢታሰብ 284,800 ብር ከራሱ ኪስ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ኪሳራ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ በቅነሳ ለመካካስ የሚገፋፋ ነገር ነው።

እንግዲህ ይህን የትኛው ቅጽ ይይዘዋል? የለውጥ መጠየቂያው አይይዘውም፤ ማንም አልጠየቀምና። የሚይዙት ሁለት ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያው አርማታ ከመሞላቱ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ነው። ተቆጣጣሪው የሥራ ፈቃዱን ከመፈረሙ በፊት ባር ስኬጁሉን በእጁ ይዞ የፌሮውን ውፍረት በካሊፐር፣ ቁጥሩንና ክፍተቱን በሜትር ይለካል። እዚህ ላይ የሚደረገው የተለመደ ስሕተት "ከሥዕሉ ያነሰ አለ ወይ?" ብሎ ብቻ መፈተሽ ነው። የፍተሻ ቅጹ ላይ መጻፍ ያለበት ጥያቄ "ከሥዕሉ ጋር እኩል ነው ወይ?" የሚለው ነው፤ ትርፍም እንደ ጉድለት ይመዝገብ። ሁለተኛው መያዣ በየወሩ የሚደረግ የብረት ማስታረቅ ነው። ኳንቲቲ ሰርቬየሩ በየውፍረቱ የገባውን ፌሮ፣ መጋዘን የቀረውንና በሥዕሉ መሠረት መግባት የነበረበትን ያነጻጽራል። ለቁርጥራጭ ከሚታሰበው በላይ ባለ 20 ካነሰና ባለ 16 ካልተነካ፣ የሆነ ቦታ ላይ ተተክቷል። ተሞልቶ ከሆነ የፌሮ መፈለጊያ መሣሪያ ቦታውን ያሳያል፤ ውፍረቱን በትክክል ለማወቅ ግን በመሐንዲሱ ፈቃድ ትንሽ ቦታ ከፍቶ በካሊፐር መለካት ይሻላል።

ሲገኝ የሚጻፈው የቫሪዬሽን ጥያቄ ሳይሆን የጉድለት ሪፖርት ነው። ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደታዘዘ አድርጎ ቫሪዬሽን መጻፍ ኃላፊነቱን ወደ መሐንዲሱ ያዞረዋል፣ ለክፍያም በር ይከፍታል፤ ሌላው ሳይትም "ሠርተህ ከዚያ ታጸድቃለህ" የሚል ትምህርት ይወስዳል። የጉድለት ሪፖርቱ ለንድፍ ሠሪው ይሄዳል፤ ውሳኔው ከሦስት አንዱ ነው። ገና ካልተሞላ ይፈታና እንደ ሥዕሉ ይታሰራል፤ ለእኛ ቢም ትክክለኛው ይህ ነው። ተሞልቶ ከሆነ መሐንዲሱ በአንቀጽ 7.6 መሠረት እንዲወገድ ሊያዝ ይችላል። ወይም ንድፍ ሠሪው በአዲሱ ብረት ሙሉ ስሌት ሠርቶ ኮለኖቹን በማጠናከር ወይም ያለ ማጠናከር ተቀባይነት ያገኛል፤ ያኔ ልዩነቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያና ያለ ተጨማሪ ጊዜ ይጸድቃል፤ የድጋሚ ስሌቱንም ወጪ ተቋራጩ ይችላል፤ እንደተሠራ የሚያሳየው ሥዕልም ይስተካከላል። የለውጥ ቁጥጥር መዝገቡ ውስጥ የሚገባው በዚህ መጨረሻ ላይ ነው፣ በዜሮ ብር።

ሳይት መሐንዲሱ ግን እውነተኛ ችግር ነበረበት፤ ባለ 16 ገበያ ላይ የለም። ትክክለኛው መንገድ አንድ ደብዳቤና አንድ ስሌት ብቻ ነበር። ከላይ 5 ባለ 16 ይተካ ዘንድ 3 ባለ 20 እና 1 ባለ 12 ቢጠየቅ፣ የብረቱ ስፋት 1,055 ይሆናል፤ ጭማሪው 5 በመቶ ነው። ከታች 2 ባለ 20 ሲሆን 628፣ ጭማሪው 4 በመቶ። የኮለንና የቢም ምጣኔው 1.4 ለ1.05 ሲካፈል 1.33 ነው፤ ከ1.3 በላይ ቆሟል። አራት ፌሮ ስለሆነ ክፍተቱ 37 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አርማታው እንዲያውም ይቀለዋል። ንድፍ ሠሪው ወፍራም ፌሮ የሚጠይቀውን ረዘም ያለ መያዣ ርዝመትና በኮለኑ ጥልቀት ውስጥ የሚፈቀደውን ውፍረት አጣርቶ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ሊያጸድቀው ይችላል። መተካቱ ለተቋራጩ ምቾት ስለሆነ ዋጋው አይቀየርም። ሐሳቡ የባለቤቱን ወጪ የሚቀንስ ወይም ሥራውን የሚያፋጥን ቢሆን ኖሮ ደግሞ በአንቀጽ 13.2 ይቀርብ ነበር። የቋሚውን ሥራ ንድፍ የሚቀይር ሐሳብ ጸድቆ የውሉን ዋጋ ከቀነሰ፣ ሕንጻው በጥራት፣ በዕድሜ ወይም በአገልግሎት የሚያጣው ዋጋ ካለ ተቀናንሶ ከሚቀረው ተቋራጩ ግማሹን፣ 50 በመቶውን፣ ያገኛል። ተቋራጭ ቤት ውስጥ ጎልድ ፕሌቲንግን ለማስቀረት ከቅጣት ይልቅ ይህን አንቀጽ ለፎርማኖችና ለሳይት መሐንዲሶች ማስረዳት የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

አንዳንዴ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። አማካሪው ፍተሻ ላይ ቆሞ "እዚህ ስታፋ አቀራርቡ" ቢል ሠሪው ስለሠራው ጎልድ ፕሌቲንግ አይሆንም፤ ይህ የቃል ትዕዛዝ ስለሆነ በማረጋገጫ ደብዳቤ ወደ ቫሪዬሽን ይሄዳል። አማካሪው ንድፍ ሲያወጣ ባለቤቱ ያልጠየቀውን የመስታወት ፊት ከጨመረ ግን ጎልድ ፕሌተሩ አማካሪው ነው፤ የሚደረስበትም ከባለቤቱ የፍላጎት ሰነድ ጋር በሚደረግ የንድፍ ግምገማ ነው እንጂ በሳይት ፍተሻ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው፣ ሌላኛው ወገንስ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ነው።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጠላት የራሱ ዝግታ ነው። የአራት መታጠቢያ ጥያቄ ስድስት ሳምንት ቢፈጅ ልስኑ ሁሉ ያልቃል፤ ሁለተኛ ጊዜ ማንም አይጠይቅም፣ በቃል ያሠራል። ስለዚህ የመወሰን ሥልጣን በመጠን መከፋፈል አለበት። በውሉ ልዩ ሁኔታዎች ላይ መሐንዲሱ የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ እስከ ስንት ብር ማዘዝ እንደሚችል በቁጥር ይጻፍ፤ ከዚያ በላይ ያለው በተወሰነ ቀን መልስ እንዲያገኝ ይደረግ። ትናንሾቹ ግን በድምራቸው ይከታተሉ፤ አሥር ጊዜ ከገደቡ በታች የታዘዘ ሥራ አንድ ትልቅ ለውጥ ነው። በየወሩ የክፍያ ሰርተፊኬት ሲዘጋጅ የጸደቁት፣ በውሳኔ ላይ ያሉትና ለቫሪዬሽን የተያዘው መጠባበቂያ ገንዘብ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይቅረቡ።

ይህ ሳይደረግ ቀርቶ የመጨረሻ ሒሳብ ላይ የደረሳችሁ ካላችሁ፣ የምትጀምሩት ከልኬት ወረቀቱ ነው። ከቢል ኦፍ ኳንቲቲው ብዛት ያለፈውን ወይም በቢሉ ላይ የሌለውን እያንዳንዱን ሥራ አውጡና ከትዕዛዝ ቁጥር፣ ከተሻሻለ ሥዕል ወይም ከሳይት መዝገብ ጋር አገናኙት። ትዕዛዝ ያለው ይከፈላል። የቃል ትዕዛዝ በጊዜው በማረጋገጫ ደብዳቤ የጸና ከሆነም ይከፈላል። ሥዕሉ ያዘዘው ብዛት ከቢሉ በልጦ የተገኘ ከሆነ ደግሞ ቀድሞውንም ለውጥ አልነበረም፤ በልኬት የሚከፈል ውል ስለሆነ በተለካው ይከፈላል። ምንም ያልተገኘለት ሥራ ግን ማን እንደጀመረው መጣራት አለበት፤ ባለቤቱ ጠይቆት ከሆነ ለድርድር ይቅረብ፣ ተቋራጩ በራሱ ጨምሮት ከሆነ በልኬት ወረቀቱ ላይ ብዛቱ እንደ ሥዕሉ ይስተካከል፤ ሥራው የሚሸከም አካል ከሆነም ሕንጻው ከመረከቡ በፊት የንድፍ ሠሪው ስሌት ከፋይሉ ጋር ይያያዝ።